በሁለቱ ሰዓቶች መካከል የቀረው መርዶ

ባሕር ዳር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ በቴክኒክ ሠራተኝነት የተቀጠርሁት ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ በኋላ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ትቶልኝ የሄደው የቁልፍ ጥቅል፣ ድጋፉ የተሰበረ ወንበርና ሁለት ሰርቨሮች ነበሩ፤ አንዱ ግሽ አባይ ቀበሌ ካለው ስቱዲዮአችን ጓዳ፣ ሌላው ከከተማው ወጣ ብሎ ጉብታው ላይ ካለው የማሰራጫ ክፍል።

የስቱዲዮው ሰርቨር የዕለቱን ፕሮግራም በየሰዓቱ ያስነሣል። ሙዚቃው መቼ እንደሚገባ፣ ከአንባቢው ፊት ያለው ቀይ መብራት መቼ እንደሚበራ የሚያውቀው እሱ ነው። ጉብታው ላይ ያለው ደግሞ እንደ በር ጠባቂ ነበር። ሰባት ሰዓት ሲሞላ የእኛን ድምፅ ይዘጋና ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚመጣውን ዜና ያስገባል፤ ዜናው ሲያበቃ መልሶ ለእኛ ይከፍታል። ቁልፍ የሚጫን ሰው የለም። ሁለቱም የየራሳቸውን ሰዓት እያዩ በተባሉት ደቂቃ የተባሉትን ይሠራሉ።

ከዜናው በፊት፣ ከሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ጀምሮ የሚተላለፈው የቀብር ማስታወቂያ ነበር። የሚያነቡት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታቸው ደርሶ እንኳ ጣቢያው አልለቀቃቸውም፤ እሳቸውም መልቀቅ አልፈለጉም። ድምፃቸው ወፍራም አልነበረም። ቀስ ያለና ጥርት ያለ፣ የሟቹን ስም ሲጠሩ ጎረቤታቸውን የሚጠሩ የሚያስመስል ነበር። ከመግባታቸው በፊት ማስታወቂያውን ካመጣው ሰው ጋር በረንዳ ላይ ይቀመጡና የስሙን አጠራር፣ የቀበሌውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ደጋግመው ይጠይቁታል። «ሰው ሲሞት እንኳ ስሙ ተሳስቶ ከተጠራ ምን ቀረለት?» ይላሉ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የከተማውን ሟቾች አስቀድመው ያነቡና ዘመዶቻቸው ሩቅ ያሉትን፣ ወረታ፣ እንፍራንዝ፣ ከሐይቁ ማዶ ያሉትን መጨረሻ ላይ ያደርጋሉ። እነሱን ሁለት ጊዜ ነው የሚያነቡት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣

«ስሚ ልጄ፣ የከተማው ሰው እድርተኛው መጥቶ ይነግረዋል፤ እኔን አይጠብቅም» አሉኝ። «ሩቅ ያለው ግን እርሻ ላይ ውሎ፣ ለዜና ብሎ ነው ሬዲዮኑን የሚከፍተው። ወደ ዜናው ባስጠጋሁለት ቁጥር ይሰማኛል።»

ሥራ በጀመርሁ ሰሞን የስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ያለው ባለ ቀይ ቁጥር ሰዓት ከስልኬ ወደ ኋላ እንደሚቀር አየሁ። ያ ሰዓት ራሱን የቻለ አይደለም፤ የሰርቨሩን ሰዓት ነው የሚያሳየው። ለክፍል ኃላፊያችን ነገርሁት።

«ሁላችንም በእሱ ነው የምንሠራው» አለኝ ሳይጨነቅ። «አንድ ላይ ከተሳሳትን አልተሳሳትንም።»

ሰርቨር ሰዓት ያዛባል ሲባል ብዙ ሰው አያምንም። እውነቱ ግን ውስጡ ያለው ሰዓት ገበያ ላይ ከሚሸጥ ርካሽ የእጅ ሰዓት አይሻልም። አንዱ በቀን ጥቂት ሰከንድ ይቀድማል፣ ሌላው ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል፤ ሙቀትና ብርድም ያዛባዋል። ትክክል የሚመስለን በየጊዜው በኢንተርኔት ትክክለኛውን ሰዓት ከያዙ ሌሎች ሰርቨሮች ጋር እየተጠያየቀ ራሱን ስለሚያቃና ነው። ኢንተርኔቱ ሲቆም የሚጠይቀው አጣ። መብራት ደግሞ በየቀኑ ይጠፋል። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን የምትይዝለት ከሆዱ ያለች ጠፍጣፋ ባትሪ ናት፤ የእኛ ባትሪ አርጅታ ነበር። የስቱዲዮው ሰርቨር መብራት መጥቶ በተነሣ ቁጥር ከቀድሞው ይበልጥ ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ይዞ ይነሣል።

ጉብታው ላይ ያለውንም ላየው ፈልጌ ነበር። ግን በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው፤ መኪና አልተፈቀደም ነበር። የከተማው አድማጮችም አልፎ አልፎ እየደወሉ «ዜናው ጫፉ ተቆረጠ» ይሉን ነበር። የሳተላይቱ ችግር ነው እያልን አለፍነው።

አንድ ጠዋት፣ ፀሐዩ ገና ሳይበረታ፣ ፀጉሩን የተላጨ፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ግቢያችን ገባ። ዓባይ ማዶ ነው የሚኖረው፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት እናቱ ሞተውበት ማስታወቂያ አስነግሮ ነበር። ጋሼ ከበረንዳው ሆነው ሲያዩት አወቁትና ብድግ አሉ።

«ነፍስ ይማር ልጄ። እንዴት ሰነበታችሁ?»

«አላነበቡትም» አላቸው።

«ምኑን?»

«የእናቴን ነዋ! እንፍራንዝ ያለችው እህቴ አልሰማችም። ወደዚያ ስልክ አይሠራም፣ ሰው እንዳልልክ ያን ቀን ጠዋት መኪና አልተገኘም፤ ያለን ተስፋ እርስዎ ነበሩ። ቀብሩን እስከ ማታ አዘገየሁት። ሽማግሌዎቹ 'እስከ መቼ አስከሬን ይቀመጣል?' አሉኝ። ቀበርሁ። ሰምታ የቀረች መስሎኝ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ 'እህቴ ለእናቷ ቀብር እንኳ አልመጣችም' እያልሁ ስከፋ ሰነበትሁ።»

 እህቱ የመጣችው ትናንት ነው አለን። እናቷን ልትጠይቅ፣ ቅቤ ይዛ፣ እየሣቀች ከባጃጅ ወረደች። የተላጨ ራሱን አየች። «ምን ሆነሃል?» አለችው። መንገድ ላይ፣ ባጃጁ ገና ሳይንቀሳቀስ፣ መርዶዋን የሰማችው እንደዚያ ነው።

«ደበቅኸኝ ትለኛለች» አለ። «ቤት ውስጥ አንድ ላይ ተቀምጠን አታናግረኝም። ሬዲዮኑ ተከፍቶ ነበር ትላለች። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት።»

ጋሼ ተቀመጡ። «አንብቤዋለሁ» አሉ። «ሁለት ጊዜ። ስማቸውን፣ የልጆቻቸውን ስም፣ የሚቀበሩበትን ደብር። ልጄ፣ በዚህ አልቀልድም።»

ስቱዲዮው የሚወጣውን ድምፅ ሁሉ ይቀዳል። የዚያን ቀን ቅጂ ፈልጌ ከፈትሁለት። የጋሼ ድምፅ እናቱን በስማቸው ጠራ። እንፍራንዝ የምትገኘው ልጃቸው ተባለ። ሁለተኛም ተነበበ። ሰውየው በመዳፉ ፊቱን ይዞ ሰማውና ሲያልቅ ቀና አለ።

«ይኸን ለራሳችሁ ነው ያነበባችሁት» ብሎ ወጣ።

ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ለራሳችሁ። እኛ ስቱዲዮ ውስጥ ሆነን የምንሰማው ከስቱዲዮ የሚወጣውን እንጂ ከአየር ላይ የሚመጣውን አይደለም። ከጉብታው በኋላ ምን እንደሚሆን ከመካከላችን የሚያዳምጥ አልነበረም።

የዚያኑ ቀን ከዘበኛው ትንሽ የእጅ ሬዲዮ ተዋስሁና ከስቱዲዮው መስታወት ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቆምሁ። በመስኮቱ ጋሼ ይታዩኛል። የፕሮግራሙ መግቢያ ማሲንቆ ተመታ፤ መብራቱ በራ፤ ጀመሩ። የከተማው ሟቾች አለፉ። ከዚያ የወረታ አንድ ሽማግሌ ላይ ደረሱ። «ባለቤታቸውና ልጆቻቸው...» ሲሉ ድምፃቸው ጠፋ። ከእጄ ያለው ሬዲዮ ከዜናው በፊት ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የሳሙና ማስታወቂያ መዝፈን ጀመረ።

ቀና ብዬ ወደ መስታወቱ አየሁ። ጋሼ አሁንም ያነባሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ፣ እንደ ልማዳቸው ሩቅ ላሉት ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ ያነባሉ። ሬዲዮኑ ይዘፍናል። ቆይቶ ዜናው ገባ፤ እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም ነበር። ሮጬ ልነግራቸው አሰብሁ፤ ቀዩ መብራት በርቶ ግን ወደ ስቱዲዮው አይገባም። መብራቱ ሲጠፋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ሥራውን በሚገባ የጨረሰ ሰው ይመስሉ ነበር።

በማግስቱ፣ ያየሁትን ስነግረው፣ ክፍል ኃላፊው ራሱ ወጥቶ የመኪና ፈቃድ አመጣና ወደ ጉብታው ወጣን። የማሰራጫው ክፍል እንደ ምጣድ ግሏል፤ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ከቆመ ሰንብቷል። የሰርቨሩን ስክሪን ከፈትሁና ስልኬን ከጎኑ አደረግሁ። ስልኬ የሚያሳየው ሰዓት ከከተማው ሰው ስልክ ሁሉ ጋር አንድ ነው፤ ሰርቨሩ ግን ቀድሞ ሄዷል። የስቱዲዮው በደቂቃዎች ወደ ኋላ፣ የጉብታው በደቂቃዎች ወደ ፊት። ለየብቻው ቢታይ ትንሽ ነው። ሲደመር ግን የጋሼን የመጨረሻ ንባቦች የሚውጥ ክፍተት ሆነ። ስቱዲዮው ገና ሰባት ሳይሞላበት ጉብታው «ሰባት ሆነ» ብሎ በሩን ይዘጋል።

ኃላፊው ከደጃፉ ቆሞ ከታች የሚታየውን ሐይቅ ሲያይ ቆየ። «አንድ ላይ አልተሳሳትንም ለካ» አለ። ዞሮ አላየኝም።

ለጋሼ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ከበረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥሁና አስረዳኋቸው። በመካከል አላቋረጡኝም። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የሚቆረጠው ከየት ነው? ከመጀመሪያው ነው ከመጨረሻው?»

«ከመጨረሻው ነው ጋሼ።»

 

«እኔ እኮ ነኝ መጨረሻ ያደረግኋቸው» አሉ። «እንዲሰሙ ብዬ።»

«እርስዎ ምን ያውቃሉ? የማሽኑ ነገር ነው።»

«ስንት ወር ሆኖታል?»

እኔም አላውቅም ነበር። ሰዓት በአንድ ቀን አይሳሳትም። መጀመሪያ አንድ ቃል፣ ከዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያ የአንድ ሰው ስም እየበላ ነው የመጣው። ጋሼ ግን መልስ አልጠበቁም። በለሆሳስ ስም ይጠሩ ጀመር። የዘጌውን፣ የእንፍራንዟን ልጅ እናት፣ የወረታውን ነጋዴ... እሳቸው አንብበዋቸው ሩቅ ያሉ ዘመዶቻቸው ሳይሰሙ ቀርተው ይሆናል ያሏቸውን ሟቾች። ማቋረጥ ነውር መስሎኝ እስኪጨርሱ ሰማኋቸው።

የጣቢያው አስተዳዳሪ ነገሩ በቴክኒክ ክፍል ውስጥ እንዲቀር ነበር የፈለገው። «ይቅርታ ብለን በአየር ላይ ብናወራ ማን ያምነናል ወደፊት?» አለ። ጋሼ አልተከራከሩትም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ነይ፣ ዓባይ ማዶ እንሂድ» አሉኝ።

በባጃጅ ድልድዩን ተሻግረን ሄድን። የሐዘኑ ድንኳን ተነሥቷል፤ የካስማው ጉድጓዶች ግን መሬቱ ላይ ይታያሉ። ወንድምየው በሩን ከፍቶ ሲያየን ፊቱ ጠቆረ። ሆኖም ከሐዘን ቤት ደጅ ማንም አይመለስም፤ አስገባን። እህቱ ከመደቡ ላይ ጥቁር ነጠላ ተከናንባ ተቀምጣለች። እሱ በአንዱ ጥግ፣ እሷ በሌላው ጥግ።

ጋሼ እጅ ነሥተው ተቀመጡና እኔን አዩኝ። «ንገሪያቸው፤ እኔ አላውቅበትም» አሉ።

ነገርኋቸው። ሁለት ሰዓቶች እንዳሉን፣ የሚያስማማቸው እንደጠፋ፣ አንዱ ሲዘገይ ሌላው እንደቀደመ፣ የእናታቸው ስም ሳይነበብ በሩ ቀድሞ እንደተዘጋ። እህትየዋ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ለወንድሟ ሳይሆን ለእኔ ተናገረች።

«ሬዲዮኑ ተከፍቶ ነበር። ሊጥ እያቦካሁ ነበር። የእሳቸውን ድምፅ ሰምቻለሁ፤ የከተማ ሰዎች ሲጠሩ ሰማሁ። ከዚያ ዘፈን ሆነ። ለባሌ ምን እንዳልሁት ታውቂያለሽ? 'ዛሬስ የእኛ ሰው የለበትም፣ ተመስገን' አልሁት።»

ወንድሟ ይኸን ሲሰማ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ወንድ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። «እኔ ደግሞ ሰምተሽ የቀረሽ መስሎኝ!» አለ። «በእናታችን ሬሳ ፊት አማሁሽ።»

ተነሥታ ወደ እሱ አልሄደችም። ግን ከብዙ ቆይታ በኋላ «ውኃ ስጠኝ» አለችው። ሮጦ አመጣላት። «ደበቅኸኝ» ካለችው ወዲህ ያናገረችው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሆነ ኋላ ነው የነገረኝ።

ልንወጣ ስንነሣ ጋሼን ያዘቻቸው። «አባቴ፣ ያነበቡት ትዝ ይልዎታል?»

«ይለኛል።»

«ይንገሩኝ። መርዶዬን ባጃጅ አጠገብ ነው የሰማሁት፤ ወግ ያለው መርዶ አልደረሰኝም።»

ጋሼ ቆመው ነበር። እንደቆሙ፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ያለ ወረቀት ጀመሩ። ማይክሮፎን ፊት ከሚያነቡት አልቀየሩም። የእናቷን ስም፣ የት ተወልደው የት እንደኖሩ፣ የልጆቻቸውን ስም በየተራ። የእሷ ስም ላይ ሲደርሱ ወደ እሷ ዞረው ቀጠሉ። ሁለተኛም አሉት። እሷ መሬት ላይ ወርዳ ደረቷን እየመታች አለቀሰች፤ ጎረቤቶች ሰምተው ገቡ። ዳግመኛ ለቅሶ ሆነ። ቀብሩ ግን አልፏል፤ አፈሩን አላየችም፣ እናቷን አልሳመችም። እኛ ይዘን የሄድነው ያንን የሚመልስ አልነበረም።

ሰዓቶቹን ማስተካከሉ ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ነበር። የደቂቃዎቹን ስሕተት ምንም ፕሮግራም በማይነሣበት ሰዓት አንድ ጊዜ ወደ ቦታው መለስሁት። ይኸም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የዘገየ ሰዓት ድንገት ወደ ፊት ከዘለለ በመካከል የነበረው ፕሮግራም ሳይነሣ ይቀራል፣ የቀደመው ወደ ኋላ ከተመለሰ ደግሞ የተላለፈው እንደገና ሊነሣ ይችላል። ባትሪዋን ቀየርሁ፤ ማራገቢያውን አስጠገንሁ። ከሳምንታት በኋላ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የጂፒኤስ አንቴና መጣልን። ጣሪያው ላይ ተከልነው። ያ አንቴና ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ከሳተላይቶቹ ትክክለኛውን ሰዓት ይቀበላል። የጉብታው ሰርቨር ከእሱ ይወስዳል፣ ድምፃችንን በሚያመላልሰው የራሳችን መስመር ለስቱዲዮው ያቀብላል። ከዚያ ወዲህ የስቱዲዮው ሰርቨር በየጥቂት ደቂቃው ይጠይቃል፣ የራቀ እንደሆነ ሳይዘልል ቀስ እያለ ይጠጋል። ጋሼ በሚያነቡበት ሰዓትም በጆሮ ማዳመጫ ከአየር ላይ የሚሰማ ሬዲዮ ስቱዲዮው ውስጥ አስቀመጥን።

ጋሼ ግን ከዚያ በኋላ ጣቢያው ውስጥ ብዙ አልቆዩም። ከማንበባቸው በፊት «ዛሬ ይወጣል?» ብለው ይጠይቁኛል። ይወጣል እላቸዋለሁ። ካነበቡ በኋላ ደግሞ «ወጣ?» ይላሉ። ወጥቷል እላቸዋለሁ፤ ራሳቸው ሬዲዮኑን ሰምተውት እንኳ ያምኑኛል ማለት አልነበረም። ድምፃቸው መቸኮል ጀመረ። ያ ቀስ ብሎ ስም የሚጠራ ሰው እንደሚያሳድዱት ያነብ ጀመር። የሩቆቹን መጀመሪያ አደረጓቸው፣ ከዚያ መካከል፣ ከዚያ እንደገና መጨረሻ። አንድ ሰኞ ጡረታ እንደሚወጡ ለአስተዳዳሪው ነገሩት። ማንም አልከለከላቸውም።

አሁን የምታነበው አንዲት ጎበዝ ልጅ ናት። በሰዓቷ ትጀምራለች፣ በሰዓቷ ትጨርሳለች። ባለፈው በዓል ጋሼን ልጠይቅ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ከሐይቁ ዳር ብዙ አይርቅም፤ ከግቢያቸው የታንኳ ቀዛፊዎች ድምፅ ይሰማል። ከስተዋል። ቤታቸው ውስጥ ሬዲዮ አላየሁም። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ደረሰው ጌሾ አወራን። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ግን፣ የሩቆቹ ስም በሚነበብበት ደቂቃ፣ ንግግራቸውን አቁመው አንገታቸውን ደፉ፤ እስኪያልፍ ድረስ እኔም አብሬያቸው አንገቴን ደፋሁ።